ግማሽ ጠለል ክብ ውስጥ ሲገባ

ጀርመናዊው አውጉስት ሞቢየስ (1790–1868) ስሙን የሰጠው ቀመር w = (az+b)/(cz+d) ነው፤ ad−bc ዜሮ መሆን የለበትም፤ ከሆነ ሁሉም ነጥብ አንድ ቦታ ላይ ይከማቻል። ይህ ቀመር ክብን ወደ ክብ ይወስዳል። ቀጥታ መስመርም እዚህ እንደ ክብ ይቆጠራል፤ ሁለቱ ጫፎቹ ማለቂያ በሌለው ርቀት ላይ ባለች አንዲት ነጥብ የሚገናኙ ክብ ነው።

እስቲ w = (z−i)/(z+i) የሚለውን እንውሰድ። ከአግድሙ መስመር በላይ ያለው ግማሽ ጠለል የት ይደርሳል? የ w ከመሃል ርቀት የሚገኘው z ከ i ያለውን ርቀት z ከ −i ላለው ርቀት በማካፈል ነው። አግድሙ መስመር ላይ ያለ ነጥብ ሁሉ ከሁለቱ እኩል ስለሚርቅ ውጤቱ 1 ነው። ስለዚህ መስመሩ ሬዲየሱ 1 የሆነ ክብ ይሆናል፤ 0 ወደ −1፣ 1 ወደ −i፣ −1 ደግሞ ወደ i ይሄዳሉ። ማለቂያ የሌላት ነጥብ 1 ላይ ታርፋለች። ከመስመሩ በላይ ያለ ነጥብ ለ i ስለሚቀርብ ክቡ ውስጥ ይገባል።

ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ጎኑ ነው። የመደመርና የመቀነስ ምልክቶቹ ቢቀያየሩ የላይኛው ግማሽ ከክቡ ውጭ ይወድቃል። ለማረጋገጥ አንድ ነጥብ መሞከር በቂ ነው፤ እዚህ i ወደ 0 ስለሄደች ጎኑ ትክክል ነው።

ክብ ክብነቱን ቢይዝም መሃሉን ግን ይዞ አይሄድም። መሃሉ 2i፣ ሬዲየሱ 1 የሆነው ክብ በ i እና በ 3i ያልፋል፤ እነዚህ ወደ 0 እና 1/2 ይሄዳሉ። የአዲሱ ክብ መሃል 1/4 ነው፤ 2i ግን ያረፈችው 1/3 ላይ ነው።