ሸክላ አፈር ለምን በ45 ዲግሪ አይሰበርም?

በትራያክሲያል መሣሪያ የተፈተነ ጠንከር ያለ የሸክላ አፈር ናሙና ብዙ ጊዜ በሰያፍ ተሰንጥቆ ይወጣል። የላይኛው ክፍል በታችኛው ላይ ተንሸራቷል። ስንጥቁ ከአግድም ያለው ማዕዘን ሲለካ ከ45 ዲግሪ በልጦ ይገኛል። ነገሩ ግራ ያጋባል፤ ናሙናው ከላይ ሲጫን ትልቁ የመንሸራተት ግፊት የሚያርፈው በ45 ዲግሪ ገጽ ላይ ነውና።

መልሱ ጀርመናዊው መሐንዲስ ኦቶ ሞር በ1882 ባሳተመው ክብ ውስጥ ይገኛል።

በሙከራው 38 ሚሊሜትር ስፋትና 76 ሚሊሜትር ቁመት ያለው ናሙና ስስ ላስቲክ ለብሶ ውሃ በሞላ ዕቃ ውስጥ ይቆማል። ውሃው ዙሪያውን ይጫነዋል፤ ከዚያ እስኪሰበር ከላይ ይገፋል። አንዱ ናሙና በ100 ኪሎፓስካል የጎን ግፊት 278 ላይ፣ ሌላው በ200 የጎን ግፊት 524 ላይ ተሰበሩ እንበል። እነዚህ ቁጥሮች በአፈሩ ውስጥ ያለው የውሃ ግፊት ከተቀነሰ በኋላ የቀሩ ናቸው።

በአግድም መስመር ላይ ከ100 እስከ 278 አንድ ክብ፣ ከ200 እስከ 524 ሌላ ክብ ይሳላል። ሁለቱን ከላይ የሚነካው ቀጥታ መስመር በ25 ዲግሪ ሽቅብ ይወጣል፤ ይህ የአፈሩ የሰበቃ ማዕዘን ነው። ቋሚውን ዘንግ የሚያቋርጠው ደግሞ 10 ላይ ነው፤ እሱ የመጣበቅ ኃይሉ ነው። አሁን በትንሹ ክብ ግራ ጫፍ፣ 100 ላይ፣ ማስመሪያ ይደረግና መስመሩ ክቡን ወደነካበት ነጥብ ይሰመራል። ፕሮትራክተር 57.5 ዲግሪ ያሳያል። ስንጥቁ የሚያዘነብለው በዚሁ ልክ ነው፤ 45 ሲደመር የ25 ግማሽ።

በ45 ዲግሪው ገጽ ላይ የሚገፋው 89 ኪሎፓስካል ነው። ነገር ግን እዚያ ገጹን አጣብቆ የሚይዘው ግፊት 189 ስለሆነ አፈሩ እስከ 98 ድረስ ይቋቋማል። በ57.5 ዲግሪ ግን የሚያጣብቀው ወደ 151 ይወርዳል፤ የሚገፋውም የሚቋቋመውም 81 አካባቢ ላይ ይገናኛሉ። ስለዚህ አፈሩ ብዙ በተገፋበት ሳይሆን አቅሙ ቀድሞ ባለቀበት ይሰበራል።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ውሃ የጠገበ ሸክላ ውሃው እንዳይወጣ ተዘግቶ በፍጥነት ቢፈተንና የውሃው ግፊት ሳይቀነስ ክቦቹ ቢሳሉ፣ ሁሉም እኩል ስፋት ይኖራቸዋል፤ የሚነካቸው መስመርም አግድም ይሆናል። ሥዕሉ 45 ዲግሪ ይላል፤ የናሙናው ስንጥቅ ግን ከዚያ ቀና ብሎ ይገኛል። ሰበቃውን የሚወስነው የአፈሩ ቅንጣቶች እርስ በርስ የሚጫኑበት ግፊት ብቻ ነው።

ለስላሳ ሸክላ ደግሞ ወገቡ ላይ ተነፍቶ ስንጥቅ ሳያሳይ ይቀራል፤ ያኔ የሚለካ ነገር የለም። በጥቁር ዋልካ አፈር ውስጥ እንደሚታየው ከቀድሞ እንቅስቃሴ የቀረ ልሙጥ ገጽ በናሙናው ውስጥ ካለም፣ አፈሩ ክቡ ያመለከተውን ማዕዘን ትቶ በዚያው ደካማ ገጽ ሊሄድ ይችላል። የተሰበረው ገጽ ተላቆ ሲታይ የሚያብረቀርቅና የተጫረ ከሆነ የተገኘው ጥንካሬ የአሮጌው ስንጥቅ እንጂ የሙሉው አፈር አይደለም።