ፓኖራማችሁ ላይ ግማሽ ሰው ቀርቷል? አድማሱን ሳትሰብሩ እንዲህ አውጡት

ጋምቤላ ለፓኖራማ የተፈጠረች ከተማ ናት ማለት ይቻላል። ባሮ ወንዝ ከተማዋን አቋርጦ ያልፋል፣ በምዕራብ በኩል ሜዳው እስከ አድማስ ድረስ ተዘርግቷል። ግን ባሮ ዳር ሰው አይጠፋም። የሚሻገር፣ ውሃ የሚቀዳ፣ የሚታጠብ ሰው አለ። ስልኩን ከግራ ወደ ቀኝ ስታዞሩ ከመሃል አንዱ ይገባና ጭንቅላቱ እዚህ፣ እግሩ እዚያ ሆኖ ይወጣል። ልታጠፉት ስትሞክሩ ደግሞ አድማሱ እንደ ደረጃ ይሰበራል። ለምን?

ፓኖራማ አንድ ፎቶ አይደለም። ጎን ለጎን የተነሱ ፎቶዎች ተሰፍተው ነው የሚሠራው። ሁለቱ ፎቶዎች የሚደራረቡበት ቦታ ላይ አንድ ስፌት አለ። ሶፍትዌሩ ከስፌቱ በስተግራ ያለውን ከአንደኛው፣ በስተቀኝ ያለውን ከሁለተኛው ፎቶ ይወስዳል። ሜዳው ባለበት ስለሚቆይ ይገጥማል። ሰውየው ግን በሁለቱ ፎቶዎች መካከል ተራምዷል፣ ስለዚህ ይቆረጣል ወይም ሁለት ቦታ ይታያል።

ደስ የሚለው ነገር፣ ሰውየው ከተራመደ ከኋላው ያለው ሜዳ በሌላኛው ፎቶ ላይ አለ ማለት ነው። ያንን እውነተኛ ሜዳ ማምጣት ከተቻለ አድማሱን በእጅ መሳል አያስፈልግም። ለዚህ ግን የስልኩ ፓኖራማ ሞድ አይጠቅምም፣ ምክንያቱም ሰፍቶ ጨርሶ ነው የሚሰጣችሁ። ነጠላ ፎቶዎችን ራሳችሁ አንሱ።

አነሳሱ

ስልኩን አቁማችሁ ያዙ። ስክሪኑን ተጭናችሁ በመቆየት ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፉ፣ አለበለዚያ የሰማዩ ቀለም ከፎቶ ፎቶ ይለያያል። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ስልኩን አታወዛውዙት። ስልኩ ያለበት ቦታ ሳይለወጥ እናንተ ዙሩት። ቦታው ከተለወጠ ሩቅ ያለው አድማስ ብዙም አይነካም፣ እግራችሁ ስር ያለው ሳርና ድንጋይ ግን አይገጥምም።

እያንዳንዱ ፎቶ ከቀጣዩ ጋር ግማሽ ያህሉን ይደራረብ። እንዲህ ሲሆን ከሁለቱ ጫፎች በስተቀር እያንዳንዱ ቦታ ሁለት ፎቶ ላይ ይገኛል። ሰው ካለ ቀጣዩን ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠብቁት። ቢያንስ ከነጥላው የራሱን ስፋት ያህል ይራመድ።

አንድ ምሳሌ

ባሮ ዳር ቆማችሁ ወደ ምዕራብ አምስት ፎቶ ከግራ ወደ ቀኝ አነሳችሁ እንበል። ብስክሌት የሚገፋ ሰው ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ጭንቅላቱም ከአድማሱ በላይ ወጥቷል። በ3ኛው ፎቶ አንድ ዛፍ ፊት ነው። በ4ኛው ከዛፉ አልፎ ወደ ግራ ሄዷል። ሁለቱም ቦታዎች 3ኛውና 4ኛው ፎቶ የሚደራረቡበት ውስጥ ናቸው።

ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ወደ Hugin አስገቡ፣ ነፃ ሶፍትዌር ነው። Interface ከሚለው ሜኑ Expert ምረጡ። Photos ውስጥ Create control points ስትሉ ሶፍትዌሩ በሁለቱ ፎቶዎች ላይ አንድ ዓይነት የሆኑ ነጥቦችን ይፈልጋል። እዚህ ጋር አትቸኩሉ። Control Points ውስጥ ገብታችሁ ሰውየው ላይ፣ ብስክሌቱ ላይ ወይም ውሃው ላይ ያረፉ ነጥቦችን ሰርዙ። የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ያለ ነጥብ ፎቶውን ወደ ራሱ ይጎትተዋል። ሰው ገና ሳይነካ አድማሱ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ቀጥሎ አድማሱን አስተካክሉ። እዚያው አንዱን ነጥብ በግራ ጫፍ ባለው ፎቶ አድማስ ላይ፣ ሌላውን በቀኝ ጫፍ ባለው ፎቶ አድማስ ላይ አድርጉና ዓይነቱን horizontal line በሉት። ከዚያ Photos ውስጥ Calculate ተጫኑ። ይህ የሚሠራው እውነተኛ አድማስ ላይ ብቻ ነው። ወደ ምስራቅ፣ ወደ ደጋው በኩል ካነሳችሁ የምታዩት መስመር የኮረብታ ጫፍ ስለሆነ በግድ ቀጥ አታድርጉት።

አሁን ሰውየው። Masks ውስጥ 3ኛውን ፎቶ ምረጡ፣ Add new mask ብላችሁ ሰውየውን ከነብስክሌቱና ከነጥላው ነጥብ በነጥብ ክበቡት፣ ሁለቴ ክሊክ አድርጋችሁ ጨርሱ። ዓይነቱ Exclude region ይሁን። 4ኛው ላይም እንዲሁ አድርጉ። ሲሰፋ ዛፉ ፊት ያለው ቦታ ከ4ኛው ፎቶ ይመጣል፣ ከዛፉ ግራ ያለው ደግሞ ከ3ኛው። ሰውየው ከሁለቱም ወጣ።

ክበቡን ስትሠሩ የክበቡ ጠርዝ አድማሱን ቀጥ ብሎ ከላይ ወደ ታች ይቁረጠው። አድማሱን ተከትሎ በጎን አይሂድ። ሁለቱ ፎቶዎች በአንድ ፒክስል ቢዛነፉ ቀጥ ብሎ የሚቆርጥ ስፌት ላይ አይታወቅም። አድማሱን ተከትሎ የሚሄድ ስፌት ግን መስመሩን ድርብ ያደርገዋል። ከተቻለ መቁረጫውን ዛፍ ወይም ቁጥቋጦ ያለበት ቦታ ላይ አድርጉት።

ውጤቱ ላይ ጥቁር ቀዳዳ ካያችሁ ሁለቱ ክበቦች አንድ ቦታ ላይ ተደርበዋል ማለት ነው። ሰውየው በቂ አልተራመደም። ክበቡን አጥብቡት፣ ካልሆነ ግን ከኋላው ያለውን ሜዳ ያየ ፎቶ ስለሌለ በዚህ መንገድ አይወጣም።

ስልክ ብቻ ካላችሁ

ፓኖራማው ተሰፍቶ ካለቀ የቀራችሁ እንደ Snapseed ባለ አፕ Healing መጠቀም ነው። መጀመሪያ ፎቶውን ቀጥ አድርጉ፣ ማጥፋቱ ከዚያ ይቀጥላል። ሰውየውን በአንድ ጊዜ ከቀባችሁት አፑ ሰማይና መሬት አደባልቆ አድማሱን ይበላዋል። ስለዚህ በሦስት ክፈሉት። ከአድማሱ በላይ ያለውን ብቻ አጥፉ፣ ከዚያ ከአድማሱ በታች ያለውን። መሃል ላይ ቀጭን ማሰሪያ ይቀራል። እሱን በጣም አቅርባችሁ (ስታቀርቡ ብሩሹ ያንሳል) ከጎን ጀምራችሁ በትንንሽ ነካ ነካ ጨርሱ። አንዱ ንክኪ ካበላሸ መልሱትና ድገሙት።

እንዴት ታውቃላችሁ?

ፎቶውን አቅርባችሁ አድማሱን ብቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተሉት። ደረጃ፣ ድርብ መስመር ወይም ጎን ለጎን የቆሙ መንታ ዛፎች ካሉ ተነክቷል። ከዚያ ወደ ታች እዩ። ባለቤት የሌለው ጥላ ወይም ውሃው ላይ የቀረ የሰው ነጸብራቅ ካለ ሥራው አላለቀም።

የማይነካው ፎቶ

ይህ ለግድግዳ፣ ለሆቴል፣ ለማስታወቂያ ወይም ለራሳችሁ ገጽ ለሚሆን ፎቶ ነው። ለዜና ፎቶ አይሆንም። አሶሺየትድ ፕሬስን የመሰሉ የዜና ተቋማት ከፎቶ ላይ ሰው ማውጣትን ይከለክላሉ፣ ምክንያቱም እዚያ የነበረ ሰው አልነበረም ብሎ መናገር ነው። ባሮ ውስጥ የሚታጠብ ሰው ፓኖራማችሁ ውስጥ ከገባ ለጌጥ ፎቶው አውጡት፣ ክብሩን መጠበቅ ነው። ለዜና ከሆነ ግን ያንን ጫፍ ቆርጣችሁ አስቀሩት፣ ወይም ታጥቦ እስኪወጣ ጠብቃችሁ እንደገና አንሱ።