በእንግሊዝኛው ስንብት ውስጥ አንዲት የአማርኛ መስመር

አዲስ አበባ ባሉ ብዙ ዓለም አቀፍ ቢሮዎች ጨዋታውና ቡናው በአማርኛ ነው፤ ኢሜይሉ ግን በእንግሊዝኛ። ባልደረባ ሥራ ሲለቅም የስንብቱ መልእክት የናይሮቢና የጄኔቫ ሰዎች እንዲያነቡት በእንግሊዝኛ ይጻፍና መጨረሻ ላይ አንዲት የአማርኛ መስመር ትገባለች። ከሁሉም የምታስቸግረው እሷ ናት።

እንበልና ጡረታ የሚወጡ የመጋዘን ኃላፊ አሉ። እንግሊዝኛው ብዙ አያስቸግርም። «ታታሪ ነበሩ» ከማለት ይልቅ አንድ ያደረጉትን ነገር መጥራት ይበቃል፤ ለምሳሌ ጅቡቲ ወደብ የተያዘውን ኮንቴይነር ለማስለቀቅ እሑድን ሙሉ ስልክ ላይ መዋላቸውን። እንግሊዝኛ ደግሞ አለቃውንም እኩያውንም በአንድ ቃል ስለሚጠራ፣ ጸሐፊው አንተ ይበላቸው አንቱ ሳይጨነቅ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል።

አማርኛው ላይ ሲደርስ ግን ማምለጫ የለም። የዕድሜ እኩያቸው የሆነው ሒሳብ ሹም «በሄድክበት ይቅናህ» ብሎ ጻፈ እንበል። ለሱ ትክክል ነው፤ ሃያ ዓመት አብረው ሠርተዋል። ከሥር ግን የልጆቹም ስም አለ፤ አንዷ ሰውየውን ጋሼ እያለች የምትጠራ ናት፣ በማግስቱ ፊታቸውን ማየት ያሳፍራታል። «መጪው ጊዜ የጤናና የደስታ ይሁን» ብሎ ማንንም ሳይጠሩ ማለፍም ይቻላል፤ የሱቅ ካርድ፣ የሱቅ ካርድ ይላል እንጂ። እኔ ብሆን ከፈራሚዎቹ ሁሉ ታናሽ የሆነው በሚጠራቸው መንገድ እጽፋለሁ፦ «ጤናና ዕድሜ ይስጥልን፣ በሄዱበት ይቅናዎ»። ሒሳብ ሹሙ «ደግሞ መቼ አንቱ ሆነ?» ብሎ ቢስቅ ምንም አይደል፤ እሱ የሚለውን በቃሉ ይንገራቸው።

ሌላው አደጋ የእንግሊዝኛውን ስሜት እንዳለ መገልበጥ ነው። «ሁልጊዜ በልባችን ይኖራሉ» የሚለው አማርኛ ውስጥ ሲገባ የሙት ዓመት ማስታወቂያ ይመስላል። ሰውየው ጡረታ ወጡ እንጂ አላረፉም። ምርቃት ግን ለሕያው ሰው የሚባል ነው፣ ከሽማግሌም ከልጅም አፍ ያምራል፤ ስለዚህ ከምስጋና በኋላ ምርቃት ይሻላል።

መስመሯ ለብቻዋ፣ ከስሞቹ በላይ ትቀመጥ። ከመላኩ በፊት ደግሞ ለራስ ልኮ በስልክም በኮምፒውተርም መክፈት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት በተለመዱት የድሮ ፎንቶች ተጽፎ የተቀመጠ ምርቃት ከአሮጌ ፋይል ተቀድቶ ከተለጠፈ፣ ያ ፎንት የሌለው ተቀባይ የሚያየው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ነው። ባዶ ሣጥኖች ከታዩ ግን ጽሑፉ ደህና ሊሆን ይችላል፤ የጎደለው ተቀባዩ ዘንድ ያለው ፎንት ነው። የመጀመሪያው ከሆነ መስመሯን በስልኩ የአማርኛ ኪቦርድ እንደ አዲስ መጻፍ ነው፤ ሁለተኛው ከሆነ ምርቃቱን በምስል አያይዞ መላክ ይቻላል።