የፋሲል ግንብ በጥቂት መቶ ሦስት ማዕዘኖች

ጎንደር ደርሶ የፋሲልን ግንብ ፎቶ ሳያነሳ የሚመለስ ጎብኚ ጥቂት ነው። ፎቶው ለማስታወሻ ይበቃል። የኮምፒውተር ጨዋታ የሚካሄድበትን መንደር፣ መንገድና ሕንጻ ለሚቀርጸው ባለሙያ ግን እንዳለ ቢሰጠው ብዙም አይረዳውም። እሱ የሚፈልገው መነሻ ሥዕል ነው፤ ሕንጻው በምን ቅርጽ፣ በምን ልክ፣ በምን ቀለም እንደሚሠራ አስቀድሞ የተወሰነበት አንድ ገጽ።

በኮምፒውተር ውስጥ ያለ ጥልቀት ያለው ቅርጽ አብዛኛውን ጊዜ የሚገጣጠመው ከጠፍጣፋ ሦስት ማዕዘኖች ነው። ቁጥራቸውን አሳንሶ፣ ጠርዞቹ በግልጽ እንዲታዩ አድርጎ መሥራት ሎው ፖሊ ይባላል። አይሶሜትሪክ ደግሞ ሕንጻውን ከላይና ከማዕዘኑ በኩል የማሳያ መንገድ ነው። ሁለት ግድግዳና ጣሪያው ባንድ ጊዜ ይታያሉ፤ የራቀው ነገር ግን ከቀረበው አያንስም። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣውን ሞኑመንት ቫሊ የተባለ ጨዋታ በስልኩ የተጫወተ ሰው ይህን አተያይ ያውቀዋል።

ከፎቶው ጋር ጠቡ የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ካሜራ የራቀውን ያሳንሳል። ግንቡን ከማዕዘኑ በኩል ስናነሳው የጣሪያው ጠርዝ እየራቀ ሲሄድ ዝቅ ይላል፣ የግድግዳው እግር ከፍ ይላል፣ ሁለቱ ወደ አንድ ነጥብ ያመራሉ። ጀማሪ ሰዓሊ ፎቶውን ከሥር አድርጎ በላዩ ላይ መስመር ሲስብ ይህን መጥበብ አብሮ ይቀዳዋል። ውጤቱ ለብቻው ሲታይ ያምራል፤ በጨዋታው ሜዳ ላይ ከሌሎች ቤቶች ጎን ሲቆም ግን የተጣመመ ይመስላል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ባንዱ ግድግዳ ላይ የጣሪያውን ጠርዝና የግድግዳውን እግር በማስመሪያ ማስረዘም። የሆነ ቦታ ላይ ከተገናኙ የካሜራው መጥበብ አልወጣም ማለት ነው። በትክክለኛ አይሶሜትሪክ ሁለቱም ከአግድም መስመር 30 ዲግሪ ያዘነበሉ ትይዩ መስመሮች ይሆናሉ፣ የትም አይገናኙም።

ስለዚህ ከፎቶው የሚወሰደው መስመሩ ሳይሆን ልኩ ነው። ለምሳሌ ከካሜራው 100 ሜትር ርቆ በግድግዳው አጠገብ የቆመ፣ ቁመቱ 1.70 የሆነ ሰው በፎቶው ላይ 68 ፒክስል ቢሆን፣ እዚያ ቦታ ላይ አንድ ሜትር 40 ፒክስል ነው ማለት ነው። በዚህ ልክ የበሩን ከፍታና የግድግዳውን ቁመት መገመት ይቻላል። ከኋላ የሚታየው ረጅሙ ማማ ግን በዚህ ልክ መለካት የለበትም። ማማው 1,024 ፒክስል ቢሆን ለ40 ሲካፈል 25.6 ሜትር ይሰጣል፤ ስለ ግንቡ በብዛት የሚጻፈው ቁመት ግን 32 ሜትር ነው። ልዩነቱ የመጣው ማማው ከሰውየው ወደ 25 ሜትር ያህል ከኋላ በመቆሙ ነው፤ በ125 ሜትር ላይ ያለ ነገር በ100 ሜትር ላይ ካለው በአምስት አንድ እጅ ያንሳል። መለኪያው ሁልጊዜ ከሚለካው ነገር ጋር እኩል ርቀት ላይ መሆን አለበት። fSpy የተባለው ነጻ ፕሮግራም በፎቶው ላይ ካሉት መስመሮች ተነስቶ ካሜራው የቆመበትን አቅጣጫ ያሰላል፣ ውጤቱንም ወደ ብሌንደር ያስገባል፤ ትክክለኛውን የርዝመት ልክ የሚነግረው ግን ሰው ነው።

ከመሬት የተነሳ ፎቶ ጣሪያ አያሳይም፤ አይሶሜትሪክ ደግሞ ከሁሉ በላይ ጣሪያ ያሳያል። ስለዚህ ከላይ የተነሳ የሳተላይት ምስል ያስፈልጋል። የየትኛው ማዕዘን ወደ ፊት ይምጣ የሚለውም አስቀድሞ ይወሰናል። በፋሲል ግንብ አራት ማዕዘኑ ማማ የቆመው በደቡብ ምዕራብ በኩል ነው። ከዚያ ወገን ብናይ ማማው ሌላውን ይሸፍነዋል። ከሰሜን ምሥራቅ ስናይ ግን ከኋላ ከፍ ብሎ ይታያል፣ ጠፍጣፋው ጣሪያና የማዕዘኖቹ ጉልላቶችም ከፊቱ ይዘረጋሉ። እኔ ያለ ማመንታት ይህን እመርጣለሁ።

በብሌንደር ካሜራው Orthographic ይደረግና እንዲህ ይዞራል፦

```
Rotation X: 54.736
Rotation Z: 45
```

ብዙ የቆዩ ጨዋታዎች በX ላይ 60 ይጠቀማሉ፤ ያኔ ያዘነበለው መስመር ሁለት ፒክስል ወደ ጎን ሲሄድ አንድ ፒክስል ከፍ ይላል። የትኛውም ቢሆን ችግር የለውም። ሁለቱ በአንድ ጨዋታ ውስጥ ሲቀላቀሉ ግን አንዱ ሕንጻ ወደ መሬት የሰመጠ ይመስላል፤ ስለዚህ ቁጥሩ በመነሻው ሥዕል ላይ ይጻፍ።

አሁን ወደ ቅርጹ እንግባ። ግንቡ በመሠረቱ አንድ ሣጥን፣ አራት ክብ ማማዎች ከነጉልላታቸውና አንድ ረጅም አራት ማዕዘን ማማ ነው። ክቡን ማማ በስምንት ጎን ብንሠራው ግድግዳው 16 ሦስት ማዕዘን ይፈጃል፤ በሦስት እርከን የተሠራ ጉልላት ደግሞ 40። አራቱ ማማዎች በድምሩ 224 ይሆናሉ። ትንሽ ይመስላል። የሚያስገርመው በጣሪያው ጠርዝ ላይ የተደረደሩት ጥርሶች ናቸው። እያንዳንዱ ጥርስ ትንሽ ሣጥን ሆኖ ከሥሩ በስተቀር አምስት ገጽ አለው፤ ይህም 10 ሦስት ማዕዘን ነው። በየጎኑ 8 ብንደረድር 320 ይሆናል፣ ከአራቱ ማማዎች ሁሉ ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ ጥርሶቹን ወፈር አድርጎ በየጎኑ 5 ማድረግ ይሻላል። ዓይን ጥርሶቹን አይቆጥርም፤ መኖራቸውን ብቻ ያያል።

ማማዎቹ ላይ ሌላ ስውር ወጥመድ አለ። የስምንት ጎኑ ቅርጽ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሆኖ ከተቀመጠ ከሚታዩት ሦስት ገጾች ሁለቱ በትክክል የግድግዳውን አቅጣጫ ይይዛሉ። ብርሃኑም እኩል ያርፍባቸዋል፣ ማማው በግድግዳው ውስጥ ይሟሟል። 22.5 ዲግሪ ሲዞር ግን አራት ገጾች ይታያሉ፣ አንዳቸውም ከግድግዳው ጋር አይመሳሰሉም፣ ክብነቱም ይመለሳል። ይህ አንድም ሦስት ማዕዘን ሳይጨምር የሚገኝ ትርፍ ነው።

ቀለሙ ላይ ፎቶውን ማመን አይገባም። በፎቶው ያለው ጥላ የዚያች ሰዓት ፀሐይ ነው፤ ከጨዋታው ብርሃን ጋር ሲደረብ ሕንጻው ሁለት ፀሐይ ያለው ይመስላል። ደመናማ ቀን የተነሳ ፎቶ ከተገኘ ይመረጣል። ቡናማው የጥቁር ድንጋይ ግንብ አንድ መሠረታዊ ቀለም ይሰጠዋል፤ ጣሪያው ፈካ፣ አንዱ ግድግዳ መካከለኛ፣ ሌላው ጠቆር ይላል። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ መሳል አያስፈልግም፤ እዚህም እዚያም ጥቂት ጠቆር ያሉ ጠፍጣፋ ነጥቦች ይበቃሉ። በበርና በመስኮቱ ዙሪያ ያለው ቀላ ያለ ድንጋይ ግን መቅረት የለበትም።

በመጨረሻም ሥዕሉን ሙሉ በሙሉ ጥቁር አድርጎ ወደ 64 ፒክስል ማሳነስ ነው። እኔ አጥብቄ የምይዘው ይህን ፈተና ነው። ሎው ፖሊ የለመደ እጅ ማማ ሲያይ ወዲያው ሹል ጣሪያ ያስቀምጥለታል፤ ጎንደር ያለው ግንብ በአንድ እርምጃ የአውሮፓ ተረት ግንብ ይሆናል። የፋሲል ማማዎች ራሳቸው እንቁላል መሳይ ነው፤ ከሥር ሰፋ ብሎ፣ ከላይ ሳይሾል ይዘጋል። የጉልላቱ ሦስት እርከኖች እኩል ከፍታ ከተሰጣቸውና ስፋታቸውም በእኩል ልክ ከጠበበ ሾጣጣ ይወጣል። የታችኛው እርከን ቀጥ ያለና ረጅም፣ የላይኛው አጭርና ጠፍጣፋ ሲሆን ግን ክቡ ይመጣል። ከጥርሶቹም፣ ከመስኮቶቹም ቢቀነስ ሕንጻው ይታወቃል፤ ከጉልላቶቹ እርከን አንዱ ቢቀነስ ግን የጎንደርነቱ ምልክት ይጠፋል።