ሙቀት የሚጠይቀው ቢጫ መብራት

ከቁሐር ሚካኤል እስከ ወረታ ያለው መንገድ አጭር ነው። ለናፍጣ መኪና ችግሩም ማጠሩ ነው። ዲፒኤፍ የተገጠመለት አንድ ፒክአፕ እናስብ። ጠዋት ሩዝ ጭኖ ወረታ መፈልፈያ ቤት ያደርሳል፤ ማደያ ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ሰልፍ ይጠብቃል፤ ከዚያ በባጃጆች መሀል እየተሹለከለከ ዕቃ ያነሳና ይመለሳል። ሳምንቱን እንዲህ ሲከርም ክሩስኮቶው ላይ ነጠብጣብ ያለበት የጣሳ ምስል በቢጫ ይበራል።

ዲፒኤፍ ከጭስ ማውጫው መስመር ላይ የሚገጠም የጥቀርሻ ማጣሪያ ነው። ፔጆ በ2000 እ.ኤ.አ. በ607 ሞዴሉ ላይ ካስገባው ወዲህ በአውሮፓ የናፍጣ መኪኖች ዘንድ ተስፋፍቷል። አሮጌዎቹ ሚኒባሶችና አይሱዙዎች ስለሌላቸው ጥቁር ጭሳቸውን ሜዳው ላይ ይለቁታል። ማጣሪያው ውስጡ በጣም ቀጫጭን ቦዮች ያሉት ሸክላ ነው። ቦዮቹ ተራ በተራ፣ አንዱ ከፊት ሌላው ከኋላ ተደፍነዋል። ስለዚህ ጭሱ ለመውጣት ግድግዳውን ሰርጎ ማለፍ አለበት፤ ጥቀርሻው እዚያው ይቀራል።

የተጠራቀመው ጥቀርሻ መቃጠል አለበት፤ መቃጠያው ደግሞ ሙቀት ነው። መኪናው ረጅም መንገድ ሲጓዝ ጭሱ ራሱ ስለሚግል ጥቀርሻው ቀስ በቀስ ይነዳል። ያ ካልበቃ የሞተሩ ኮምፒውተር ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ያለውን የግፊት ልዩነት አይቶ ማቃጠሉን ራሱ ይጀምራል። ኢንጀክተሮቹ ዘግይተው ተጨማሪ ናፍጣ እንዲረጩ ያደርጋል። ያ ናፍጣ ጭስ ማውጫው ውስጥ ሲቃጠል የማጣሪያው ሙቀት ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይደርሳል። ሥራው እንደ መኪናው ከ10 እስከ 25 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል።

የኛ ፒክአፕ ይህን ያህል ጊዜ አያገኝም። ሞተሩ ሳይሞቅ ወረታ ይገባል። ማቃጠሉ ቢጀመር እንኳ ሹፌሩ ቁልፉን ሲያዞር ይቋረጣል፣ በማግስቱ እንደገና ይጀመርና እንደገና ይቋረጣል። በየመቋረጡ ያልተቃጠለው ናፍጣ በሲሊንደሩ ግድግዳ በኩል እየወረደ ከሞተር ዘይቱ ጋር ይደባለቃል። የዘይት መለኪያው ዘንግ ከምልክቱ በላይ ካሳየና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ዘይቱ ቀጥኗል፤ ሳይቀየር ረጅም መንገድ መውጣት ሞተሩን መብላት ነው።

መብራቱ ቢጫና ብልጭ ድርግም የማይል ከሆነ መድኃኒቱ መንገድ ነው። በመጀመሪያ ነዳጅ ይታያል፤ ጋኑ ከሩብ በታች ከሆነ ብዙ መኪኖች ማቃጠሉን አይጀምሩም። ከዚያ ከወረታ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን አስፋልት መያዝ ነው። ሜዳ ስለሆነ ፍጥነትን ሳያዋዥቁ መሄድ ይቻላል፤ የገበያ ቀንና ከብት የሚመለስበት ሰዓት ግን አይመረጥም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ከ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ፣ ማርሹን አንድ ዝቅ አድርጎ በደቂቃ 2000 ዙር ወይም ትንሽ ከፍ እያሉ ከ20 ደቂቃ ያላነሰ መንዳት ነው። የደብረ ታቦር ዳገትም ሞተሩን ስለሚያስጨንቀው ያሞቃል። ቁልቁለቱ ግን ለዚህ ሥራ አይረባም፤ እግር ከነዳጅ ሲነሳ ሞተሩ ናፍጣ ስለማይረጭ ጭሱ ይቀዘቅዛል።

ማቃጠሉ መጀመሩ ይታወቃል። መኪናው ሲቆም ሚኒሞው ከወትሮው ከፍ ይላል፣ ነዳጅ ይበዛል፣ የጋለ ብረት ሽታ ይመጣል፣ የራዲያተሩ ቬንቲሌተር ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ይዞራል። በዚህ ጊዜ የሩዝ ገለባ ላይ ማቆም አደገኛ ነው። ከታኅሣሥ ጀምሮ ፎገራ ውስጥ ገለባ ያልተነጠፈበት ቦታ ማግኘት ይከብዳል፤ የጋለው ማጣሪያ ደግሞ ከመኪናው ሆድ ሥር ነው።

መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ፣ የሞተር መብራት አብሮ ከበራ ወይም መኪናው ጉልበት ካጣ መንዳቱ መፍትሔ አይሆንም። ጥቀርሻው ከመጠን በላይ ሞልቶ በአንድ ጊዜ ቢነድ ሸክላውን ሊሰነጥቀው ይችላል። ያኔ መካኒክ ኮምፒውተር ሰክቶ የግፊቱን ንባብ ማየትና ቆሞ ማቃጠሉን ራሱ ማዘዝ አለበት። ማጣሪያውን ቆርጦ ማውጣትን እንደ ቀላል መፍትሔ የሚያቀርቡ አይጠፉም። እኔ አልመክረውም፦ ጥቀርሻው ከኋላ ለሚሄደው እግረኛ ሳንባ ይተርፋል፣ ኮምፒውተሩም ማጣሪያ የሌለ መሆኑን ካላወቀ ናፍጣ መርጨቱን አይተውም።

መንገድ ተወጥቶ መብራቱ ከጠፋ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተመልሶ ከበራ ጥርጣሬው ወደ ሌላ ይዞራል። ኢንጀክተር ያንጠባጥብ ይሆናል፣ ቱርቦው ዘይት ያሳልፍ ይሆናል፣ ወይም የግፊት መለኪያው ቀጭን ቱቦ ተሰንጥቆ ውሸት ይናገር ይሆናል። ሌላው አመድ ነው። አመድ በዋነኝነት ከሞተር ዘይት ይመጣል፣ በምንም ሙቀትም አይነድም። ለዲፒኤፍ የተሠራ አመዱ አነስተኛ ዘይት መጠቀም መሙላቱን ያዘገየዋል። ሲሞላ ግን ማጣሪያውን ፈትቶ ማጠብ ወይም መቀየር ብቻ ነው ያለው።