ቦታ ቀይሮ ቤቱን የማይስት ኮርድ

በዶ ሜጀር በሚጫወት ዘፈን ውስጥ ሶል ሰቨን የተባለው ኮርድ ሲመታ ጆሮ ቀጥሎ ዶን ይጠብቃል። የጃዝ ፒያኒስት ግን ሶል ሰቨንን ትቶ፣ በጣም ሩቅ የሚመስለውን ሬ ፍላት ሰቨን ሊመታ ይችላል። ሙዚቃው ግን ያለ ችግር ዶ ላይ ያርፋል።

ምክንያቱ ከኮርዶቹ ውስጥ ይገኛል። ሶል ሰቨን ሶል፣ ሲ፣ ሬ እና ፋ ነው። ወደ ዶ የሚገፋው ውጥረት ያለው በሲ እና በፋ መካከል ነው፤ ሲ በግማሽ ድምፅ ወጥታ ዶ ትሆናለች፣ ፋ በግማሽ ድምፅ ወርዳ ሚ ትሆናለች። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ትራይቶን ይባላል፤ ስድስት ግማሽ ድምፆች፣ ማለትም የኦክታቭ እኩሌታ ነው። ቢገለበጥም ርቀቱ ያው ስለሆነ አንዱ ጥንድ ለሁለት ኮርዶች ያገለግላል።

ሬ ፍላት ሰቨን ውስጥም ፋ እና ሲ አሉ፤ ሲ እዚያ ዶ ፍላት ተብላ ብትጻፍም በፒያኖ ላይ ቁልፏ አንድ ነው።

ቤዙም ያግዛል። ሬ ማይነር ሰቨን ከቀደመ፣ ቤዙ ከሬ ወደ ሬ ፍላት፣ ከዚያም ወደ ዶ በግማሽ ድምፅ እየተንሸራተተ ይወርዳል። አንቶኒዮ ካርሎስ ጆቢም በ1962 የደረሰው «የኢፓኔማ ልጅ» የተባለው ቦሳ ኖቫም በፋ ሜጀር ሲጫወት፣ በዶ ሰቨን ፈንታ ሶል ፍላት ሰቨን ይሰማበታል።

ሆኖም ዜማው ዶ ላይ ቆሞ ሳለ ሬ ፍላት ሰቨን ከሥሩ ቢመታ ሁለቱ ይጋጫሉ። ስለዚህ ከመተካት በፊት ዜማውን ማየት ይገባል።