ከአሜሪካ የመጣ ኤክስቦክስ አዲስ አበባ ሲሰካ

ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ የጌም ማሽን አንዳንዴ አይጠፋም። ማሽኑ አዲስ ከሆነ መብራቱ ብዙም አያሳስብም። የኒንቴንዶ ስዊች ቻርጀርና ፕሌይስቴሽን 5 ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላሉ፤ የጎደለው የስፒናው ቅርጽ ብቻ ነው። የሚያሳስበው አሮጌው ነው። እዚያ ያሉት ልጆች አዲስ ሲገዛላቸው "ይሄኛው ደግሞ ለአጎትህ ልጅ ይሁን" ተብሎ የሚላከው፣ ለምሳሌ ኤክስቦክስ 360።

ይህ ማሽን መብራት የሚያገኘው በገመዱ መሐል ካለ ጡብ የሚያህል ጥቁር ሳጥን ነው። ሳጥኑን ገልብጣችሁ የተለጠፈውን ጽሑፍ ስታዩ፣ ለአሜሪካ በተሠራው ላይ ኢንፑት ከሚለው ቃል አጠገብ 100-127 ቮልት የሚል ታገኛላችሁ። የእኛ መብራት ደግሞ 220 ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአዳፕተር ነው። ጠፍጣፋውን የአሜሪካ ስፒና ወደ ክብ እግር የሚለውጠው ትንሽ ዕቃ ቅርጽ እንጂ ቮልት አይለውጥም። ስፒናው ገጠመ ማለት ማሽኑ ይሠራል ማለት አይደለም፤ እንዲያውም አደጋው የሚጀምረው ከገጠመ በኋላ ነው።

ሳጥኑ መጀመሪያ የሚሠራው ከግድግዳው የመጣውን ኤሲ ወደ ዲሲ መለወጥ ነው። በዚህ ጊዜ 120 ቮልት የነበረው ወደ 170 ይጠጋል፤ 220 የነበረው ግን ከ310 ያልፋል። ለአሜሪካ ብቻ በተሠራ ሳጥን ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች አብዛኛውን ጊዜ 200 ቮልት ድረስ ብቻ የሚችሉ ስለሆኑ 310ሩን አይቋቋሙም። ጧ የሚል ድምፅ፣ የተቃጠለ ሽታ፣ ከዚያ ጸጥታ። ሳጥኑ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ማሽኑ ሲጠፋ ብርቱካናማ፣ ሲሠራ አረንጓዴ መሆን ነበረባት። ቀይ ከሆነች ሳጥኑ ችግር አይቷል ማለት ነው። ጭራሽ ካልበራች ፊውዙ ወይም ከዚያ የባሰ ነገር ተቃጥሏል። ደግነቱ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ሳጥኑ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ማሽኑ የሚቀበለው 12 ቮልት ስለሆነ ሊተርፍ ይችላል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር መግዛት ነው። የመጀመሪያዎቹ ኤክስቦክስ 360ዎች ሳጥን 203 ዋት ያወጣል፤ ሲሞቅ የሚባክነው ሲታከልበት ከግድግዳው የሚስበው ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ 500 ዋት የሚል ትራንስፎርመር ይያዝ፤ ርካሾቹ የተጻፈባቸውን ያህል አይሸከሙምና። በሁለቱም አቅጣጫ የሚሠራ ከሆነ ማብሪያው የትኛው ላይ እንዳለ ሳታረጋግጡ አትሰኩ። ለፀጉር ማድረቂያ ተብለው የሚሸጡት ቀላል የጉዞ ኮንቨርተሮች ግን ለጌም ማሽን አይሆኑም፤ የመብራቱን ሞገድ ቆራርጠው ነው የሚያወርዱት።

እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው፦ ሳጥኑን ብቻ በ200-240 ቮልት ሳጥን መለወጥ። ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ የሚመጡት እንዲህ ያሉ ናቸው። ማሽኑ ያው ነው፤ የሚለወጠው መጋቢው ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ የኋለኞቹ ሞዴሎች ሳጥን 175 እና 150 ዋት ስለሆነ በመጀመሪያው ሞዴል ላይ እንዳይገባ መሰኪያው በቅርጽ ተለይቷል። የ203ቱ ግን በእነዚህ ላይ ይገባል። ቀጠን ብለው የወጡት ማሽኖች መሰኪያ ደግሞ ጨርሶ ሌላ ነው። ሻጩ ጋ ስትሄዱ አሮጌውን ሳጥን ይዛችሁ ሂዱ፤ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ከማስረዳት ይቀላል።

መብራቱ ከተስተካከለ በኋላ ወደ ቴሌቪዥኑ እንምጣ። ማሽኑ ኤችዲኤምአይ ካለው፣ እዚህ የሚሸጡት አዳዲስ ቴሌቪዥኖች የአሜሪካውን በሰከንድ 60 ምስል ያለ ችግር ይቀበላሉ። በ2005 የወጣው የመጀመሪያው ኤክስቦክስ 360 ግን ኤችዲኤምአይ የለውም። በቢጫ፣ ቀይና ነጭ ገመድ ከአሮጌ ባለ ሆዳም ቴሌቪዥን ጋር ስታገናኙት የሚልከው ኤንቲኤስሲ ነው፤ እኛ ዘንድ የተለመደው ደግሞ ፓል። ምስሉ ጥርት ብሎ ግን ጥቁርና ነጭ ሆኖ ከመጣ፣ ቴሌቪዥኑ ፍጥነቱን ተቀብሎ ቀለሙን መፍታት አቅቶታል። ምስሉ ወደ ላይ እየተንከባለለ ከሄደ ፍጥነቱንም አልቻለም ማለት ነው። ተስፋ ከመቁረጣችሁ በፊት በሪሞቱ የቀለም ሲስተሙን ፈልጉና `AUTO` ወይም `NTSC 3.58` ላይ አድርጉት። ከገልፍ አገሮች የመጡ ብዙ አሮጌ ቴሌቪዥኖች ሁለቱንም ያነባሉ፤ ችግሩ አንድ ሰው አንድ ቀን ፓል ላይ አድርጎ መርሳቱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ዲስኮቹም የአገር ገደብ አላቸው። በኤክስቦክስ 360 ገደቡን የሚወስነው የጌሙ አሳታሚ ስለሆነ፣ ፓል የተጻፈበት ጌም በአሜሪካው ማሽን አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። የፊልም ዲቪዲ ላይ ግን ነገሩ ጥብቅ ነው፤ አሜሪካ ቁጥር 1 ክልል ናት፣ ኢትዮጵያ ቁጥር 5። ለእኛ ክልል ብቻ የታተመ ፊልም ማሽኑ አያጫውትም፤ የቁጥር 1 ክልል ወይም ክልል ያልተወሰነለት ዲስክ ብቻ ይከፈትለታል።